ሦስተኛዋ ቀይ ካርድ

ቅዳሜ ማታ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከችልኝ። አሁን እሷም አሠልጣኝ ሆናለች። የምታሠለጥናት ልጅ በእርምጃ ውድድር ሁለተኛ ሆና እየመጣች፣ መጨረሻው ዙር ላይ ተሰርዛባታለች።

«ቲቸር፣ ቀስ አድርገው ይዩት። አንደኛ የወጣችውም ሁለት እግሯ መሬት ለቋል። ለምን የኔዋ ብቻ?»

ዘግይቼ አየሁት። እውነቷን ነው፤ የሁለቱም እግር መሬት ለቋል። ዳኞቹ ግን ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ለእሷ የመለስኩላትን እዚህም ልጻፈው፣ ብዙዎቻችሁ ይህን ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁና።

ደንቡ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ ተራማጁ መሬት መልቀቁ በዓይን መታየት የለበትም። «በዓይን» የሚለው ነው ቁልፉ። በጣም ፈጣን ተራማጆች ቪዲዮው ሲዘገይ አብዛኞቹ ለቅጽበት አየር ላይ ናቸው። ቅጽበቷ ከሰከንድ መቶኛ ጥቂቶቹን ብቻ ከወሰደች የሰው ዓይን አይይዛትም፣ ስለዚህ ጥፋት አይደለችም። ዳኛም በቪዲዮ አይፈርድም፤ መንገዱ ዳር ቆሞ ከጎን በዓይኑ አይቶ ነው። የሚያጋልጠው ሌላ ምልክት አለ፦ ጭንቅላት ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ትከሻ ይነሳል፣ የሚወረወረው ጉልበት ከፍ ይላል። ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለመቅደም ሲፈጥኑ ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። ከፊት ያረፈው እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነት ቀጥ ብሎ በላዩ እስኪያልፍ ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ካለፈ በኋላ ቢታጠፍ ችግር የለም። ይህ ጥፋት የድካም ልጅ ነው። ተረከዝ ከሰውነት በጣም ርቆ ሲያርፍና የጭን ጀርባ ሲደክም ጉልበት እሺ አይልም፤ ልጁ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኖ ይራመዳል።

አሁን ወደ ካርዱ። ዳኛ ሲጠራጠር ቢጫ ሰሌዳ ያሳያል፤ ሞገድ ያለበት ለመሬት መልቀቅ፣ የታጠፈ መስመር ያለበት ለጉልበት። ጥፋቱን በግልጽ ካየ ቀይ ካርድ ይጽፋል። ቀይ ካርዱን ግን ለተራማጁ አያሳይም፤ ወደ መዝጋቢው ይልከዋል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ዳኛ ለአንድ ተራማጅ ከአንድ ቀይ በላይ መስጠት አይችልም። ሦስት የተለያዩ ዳኞች ሲጽፉ ዋናው ዳኛ ቀይ ሰሌዳ አንስቶ ያስወጣል። አሁን በአንዳንድ ውድድሮች በሦስተኛው ካርድ ቅጣት ቦታ ገብቶ መቆም አለ፣ ለ20 ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ፤ አራተኛው ያስወጣል።

ስለዚህ የምትሰረዝበት ቦታና ያጠፋሽበት ቦታ አንድ አይደለም። ወረቀቱ እስኪደርስ፣ እስኪቆጠር፣ ዋናው ዳኛ አንቺን እስኪያገኝ ጊዜ ይሄዳል። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ የሴቶች 20 ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት የነበሩት ቻይናዊትና ጣሊያናዊት ተራ በተራ ተሰረዙ። አውስትራሊያዊቷ ጄን ሳቪል መሪ ሆነች። በአገሯ ሕዝብ ፊት ወደ ስታዲየሙ ስትገባ፣ መግቢያው ዋሻ ላይ ቀይ ሰሌዳ ተነሳባት። ወርቁን ቻይናዊቷ ዋንግ ሊፒንግ ወሰደች። በዚያው ኦሊምፒክ ሜክሲኳዊው ቤርናርዶ ሴጉራ የወንዶቹን 20 ኪሎ ሜትር አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ መሰረዙ ተነገረው። ሳቪል ግን አላቆመችም፤ በአቴንስ 2004 ነሐስ አገኘች።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩላት በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። እሷ ራሷ የዛሬ ስንት ዓመት በ5,000 ሜትር እየመራች ደወሉ ከተደወለ በኋላ ተሰርዛለች። ሜዳው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ዓመቱን ሙሉ «ልታሸንፍ ስትል ጣሏት» ይባል ነበር። ከሦስቱ ካርዶች አንዷ የኔ ነበረች። የጻፍኳት አራት ዙር ሲቀር ነው፤ ልትቀድም ስትፈጥን ትከሻዋ ሲነሳ አይቼ። ቢጫ አሳይቻት ነበር፣ አላየችኝም። ተማሪዬ ስለነበረች እጄ ተንቀጥቅጧል፣ ግን ጻፍኩ።

ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እስካሁን ጉልበቴ መስሎኝ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ።

ያመመኝ እሱ ነው። ዓመታት ሙሉ ያልታመመ ጉልበቷን ስታስተካክል ኖራለች። ዳኞች ማጠቃለያ ወረቀት አላቸው፤ የትኛው ዳኛ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ጥፋት ካርድ እንደጻፈ ተመዝግቧል። ያን ቀን ወስጄ ላሳያት ይገባኝ ነበር። አላደረግሁትም።

እሑድ ጠዋት የልጅቷን ወረቀት ጠይቃ ፎቶውን ላከችልኝ። ሁለቱ ሞገድ፣ አንዱ ጉልበት። ሁለቱ ሞገዶች የተጻፉት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ልክ ለመቅደም በፈጠነችበት ሰዓት። «አሁን ምን እንደማሠራት አወቅሁ» ብላለች።