ዝም ያልኩበት ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ላይ ስለ ዳታቤዝ ኢንዴክስ በ5 ደቂቃ አቅርብ ተባልኩና 19 ስላይድ ሠራሁ። ሰባተኛው ላይ ሰዓቱ አለቀ። መምህሩ፣ «እሺ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ልትነግረን ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። የሰዓቱ ማለቅ ምንም አልነበረም፤ ለካ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አልነበረኝም።

በቀደም 11ኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። እሷም 5 ደቂቃ ተሰጥቷታል፤ ርዕሷ ወባ ነው። የበሽታው ታሪክ፣ ዓይነቶቹ፣ ምልክቶቹ፣ ሕክምናው… 14 ስላይድ።

«ስላይዱን አሳምርልኝ» አለችኝ።

«መጀመሪያ ዝጊውና ምን ልትያቸው እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ስለ ወባ ነዋ!»

«እሱ ርዕስ ነው። ስለ ወባ ምን?»

ትንሽ አሰበችና «ወባ አደገኛ በሽታ ነው» አለች። ዓረፍተ ነገር ነው፤ እውነትም ነው። ግን 14ቱም ስላይዶች ከሥሩ ይገባሉ። አንድም ስላይድ የማያስወጣ መልእክት ገና አልተመረጠም ማለት ነው። በዚያ ላይ «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋላ።

እንደገና ሞከረች፦ «አጎበር የሚጠቅመው የወባ ትንኝ ሌሊት ስለምትናከስ ነው።» አሁን ሰው ይጠይቃል። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍናቸው፤ ስላይድ የሆኑት እነሱ ናቸው። ትንኟ መቼ ትናከሳለች? በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት። በሽታውን እንዴት ታስተላልፋለች? የታመመ ሰው ትነክሳለች፣ ጥገኛ ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ ቀናት ፈጅቶ ያድጋል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ስትነክስ ይተላለፋል። አጎበሩ ምን ያደርጋል? ይከልላል፤ በፀረ ተባይ የተነከረ ከሆነ ደግሞ ያረፈችበትን ትንኝ ይገድላል።

ታሪኩና ዓይነቶቹ ወጡ። የሕክምናው ስላይድ ላይ ግን ተጣላን። «ለፍቼበታለሁ እኮ!» አለች። ሸፍኜው ዓረፍተ ነገሯን አስነበብኳት። ምንም አልጎደለም። እያዘነች አጠፋችው።

አራተኛው ጥያቄ የራሷ ነበር፦ «ሳንተኛ በፊት፣ ምሽት ላይ ደጅ ብትነክሰንስ?» አጎበር እዚያ አይደርስም። ይህን ብንደብቀው ክፍል ውስጥ አንዱ ያነሳዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አረምነው፦ «አጎበር የሚጠብቀን በተኛንበት ሰዓት ነው፤ ትንኟም በብዛት የምትናከሰው ያኔ ነው።» ከመጀመሪያው ጠበብ ይላል፣ ግን አስተማማኝ ነው።

ስላይዱ የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ 4 ብቻ። ማታ ለእማዬ ቆማ አቀረበችላት። ስትጨርስ እኔ እማዬን፣ «ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። እማዬ ዓረፍተ ነገሩን በራሷ ቃላት መለሰችው፦ «ትንኟ የምትመጣው ስንተኛ ነው፣ አጎበሩን ዘርጉ አለችን።»

እኔ ግን መምህሩ ፊት የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ። መልሱ «ኢንዴክስ ፍለጋን ያፈጥናል፣ ግን አዲስ መረጃ ባስገባን ቁጥር እሱም መታደስ ስላለበት መጻፍን ያዘገያል» ነበር። ለ5 ደቂቃ ይበቃ ነበር።