ጭስ የለውም ማለት አይገድልም ማለት አይደለም

ጎንደር ፒያሳ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ «ብሪኬት ግዢ፣ በኪሎ ከከሰል ይረክሳል» አላት። እሷ ግን በኪሎ ዋጋ አልተታለለችም። ከሁለቱም አንድ አንድ ኪሎ አስመዝና፣ በአንድ ምድጃ ስንት ጀበና እንደሚያፈሉ ቆጠረች። ከሰሉ 6፣ ብሪኬቱ 4 አፈላ። እንግዲህ የከሰል ኪሎ 60 ብር ቢሆን አንዱ ጀበና 10 ብር ይፈጃል። ብሪኬቱ የሚያዋጣት ከ40 ብር በታች ከሆነ ብቻ ነው።

ምክንያቱን አመዱ ይናገራል። ብሪኬቷ የተጠፈጠፈችው የከሰል ድቃቂ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አይነድም። ደረቅ እንጨትም በኪሎ የከሰልን ግማሽ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ እርጥብ ከሆነ ከሙቀቱ ከፊሉ ውሃውን ሲያተን ያልቃል፣ ቤቱም በጭስ ይሞላል። ፔሌት የሚባለው ተጨምቆ የደረቀ እንክብል ጭሱ ትንሽ ነው፤ ግን የራሱ ምድጃ ይፈልጋል።

ታዲያ ከሰል አሸነፈ? ዝናብ ሲጥል ምድጃውን ወደ ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋች። ጭስ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ልጇ «እማ፣ ራሴን» አለ፤ ወዲያው አስመለሰው። የፋመ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ብሪኬትም ያው ነው። ልጁን ታቅፋ ወደ ደጅ ሮጠች፤ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ነፍሱ ተመለሰች።

አሁን ዝናብም ቢሆን ምድጃው ከበረንዳው አይገባም።