ሳንቲም ሳይንቀሳቀስ የተቀየረ ድምር

በፕሮጀክት ሥራ ውስጥ ድምር ተቀየረ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን በላው?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜ የተበላ ነገር ይኖራልና። ለዚህ ነው ለለጋሽ የተላከን የሒሳብ ሪፖርት አርሞ እንደገና ሲልኩ፣ ከሒሳቡ ይልቅ አብሮት የሚሄደው ደብዳቤ የሚከብደው።

እኔ የምሠራው ዲላ ነው፣ በአንድ አነስተኛ የአገር በቀል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል። ፕሮጀክታችን በገደብና በኮቸሬ ወረዳዎች የቡናና የጥላ ዛፍ ችግኝ ያፈላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ተፈናቅለው ከተመለሱት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ማሳቸውን ያገኙት ሰው አልባ ከርሞ ነው፤ ችግኙ ለእነሱ ነው። ሥራውን ስረከብ ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ ያዘጋጀው ሪፖርት ለለጋሹ ከተላከ ሳምንታት አልፈው ነበር። እኔ የደረሰኝ የባንክ ማስታረቂያውን መሥራት ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቼ ልንገራችሁ። ለጋሹ በዶላር ይሰጣል፣ እኛ በብር እናወጣለን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 40,000 ዶላር መጣ፤ ባንኩ በ57 ብር መንዝሮ 2,280,000 ብር አስገባልን። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። በዚያው ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥም 100ን አለፈ። ሁለተኛው ክፍያ፣ 30,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ደረሰ፤ በ110 ሲመነዘር 3,300,000 ብር ሆነ።

የሪፖርቱ ቅጽ ደግሞ ለምንዛሪ ያዘጋጀው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። ሁለት ተመን ይዘህ አንድ ሳጥን ሲሰጥህ ምን ታደርጋለህ? ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ይኼ ነበር፦

```
=AVERAGE(57,110)
```

83.50 ብር። በሪፖርቱ ላይ የተመዘገበው ወጪ 3,490,000 ብር ስለነበር ለ83.50 ሲካፈል 41,796 ዶላር ወጣ። ከ70,000 ዶላር ላይ 28,204 ቀርቷል ማለት ነው። ንጹሕ ይመስላል። ችግሩ የታየኝ ባንክ ስገባ ነው። 28,204 ዶላር በእጃችን ካለ፣ የቀረን ብር በሙሉ በ110 የተመነዘረው ስለሆነ፣ ከ3.1 ሚሊዮን ብር በላይ መኖር አለበት። ባንክ ውስጥ የነበረው ግን 2,200,000 ብር ነው። ያልተመነዘረ ቼክ የለም፣ በካዝና የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብም የለም። ሪፖርቱን የሚያነብ ኦዲተር የሚያየው 900 ሺህ ብር ገደማ የት እንደገባ የማይታወቅ ፕሮጀክት ነው። አንድ ሳንቲም ሳይጠፋ!

አማካዩ ለምን እንደሚያሳስት ለማስረዳት ዲላ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 40 ኪሎ እሸት ቡና በ57 ብር፣ 30 ኪሎ ደግሞ በ110 የገዛ ነጋዴ «አማካይ ዋጋዬ 83.50 ነው» አይልም። በኪሎው መዝኖ 79.71 ይልሃል። እንዲህ በገንዘቡ መጠን የተመዘነ አማካይ ቢሠራበት ኖሮ የዶላሩ ቀሪ ከባንኩ ብር ጋር ይገጥም ነበር። ሌላው የሚገጥመው ዘዴ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪያልቅ በ57፣ ከዚያ በኋላ በ110። የትኛውን እንደምንጠቀም የምንመርጠው እኛ አይደለንም፣ ውሉ ነው። የእኛ ውል በአባሪው ሁለተኛውን ይላል። አባሪ ማን ያነባል እንዳትሉ፤ ይነበባል፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ።

ባንኩ ሌላም ነገር አሳየኝ። የሪፖርቱ ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ በ2017 ያ ቀን መስከረም 20 ነበር። ገደብ ካለው የችግኝ ጣቢያ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኞች ክፍያ ግን፣ በጣት አሻራ የተፈረመበት የ110,000 ብር ሰነድ፣ መስከረም 24 ይላል። ኦክቶበር 4 ማለት ነው። «መስከረም ሴፕቴምበር ነው» ተብሎ ገብቷል። ወጪው እውነተኛ ነው፣ ሠራተኞቹም ተከፍለዋል፤ ቦታው ግን የሚቀጥለው ሪፖርት ነው። በኢትዮጵያ ቀን የተጻፈ ሰነድ ይዞ በፈረንጅ ቀን ሪፖርት የሚያደርግ ሁሉ፣ ወር ሲዘጋ እነዚያን አሥር ቀናት ገደማ ለብቻ ማየት አለበት።

አሁን ሒሳቡ ይገጥማል። በጊዜው ውስጥ የወጣው 3,380,000 ብር ነው። 2,280,000ው በ57 ሲካፈል 40,000፣ ቀሪው 1,100,000 በ110 ሲካፈል 10,000፤ በድምሩ 50,000 ዶላር። ቀሪው 20,000 ዶላር በ110 ሲባዛ ባንክ ውስጥ ያለውን 2,200,000 ብር ይሰጣል።

ለአስተባባሪያችን ሳሳየው ቁጥሩን አልተከራከረም። «አንቺ ልጅ፣ እኛው ራሳችን ለምን እንቀሰቅሰዋለን? በሚቀጥለው ሪፖርት ቀስ ብለን እናስተካክለው» አለኝ። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሦስተኛው ክፍያ እየተጠበቀ ነበር። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የ8,204 ዶላር ወጪ ያለ ደረሰኝ ልጻፍ?» አልኩት። ልዩነቱ የሆነ ቦታ መግባቱ አይቀርም፤ የሚገባበት ጊዜ ደግሞ ሰነድ የለውም። ጥቂት ዝም አለና «ጻፊው፣ ግን አጭር ይሁን» አለ።

ሁለቱን ልዩነቶች አቻችሎ «8,204 ዶላር ተስተካክሏል» ማለት አጭር ይሆን ነበር። ግን አንዱ ድምሩን ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል፤ ከተቻቻሉ አንባቢው ማናቸውንም መመርመር አይችልም። ደብዳቤውን በመጀመሪያ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፣ የሚፈርመው ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲያውቀው። ዋናው ክፍል ይኼ ነው፦

«እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ባለው ሪፖርታችን 41,796 ዶላር ተብሎ የቀረበው ጠቅላላ ወጪ 50,000 ዶላር በሚለው እንዲተካ እንጠይቃለን። ለውጡ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ከሪፖርቱ ጊዜ በኋላ የተፈጸመ የ110,000 ብር ክፍያ ወጥቷል፤ ይህም በቀድሞው ተመን 1,317 ዶላር ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የቀረው ወጪ በውሉ አባሪ መሠረት እያንዳንዱ ክፍያ በተመነዘረበት ተመን ተሰልቷል፤ ይህም 9,521 ዶላር ይጨምራል። ከተጠቀሰው ክፍያ በቀር በብር የተመዘገበ ምንም ወጪ አልተለወጠም። የተስተካከለው ቀሪ 20,000 ዶላር ሲሆን፣ አባሪ ከተደረገው የባንክ መግለጫ ጋር ይገጥማል።»

«ከተጠቀሰው ክፍያ በቀር» የሚለውን አስተባባሪያችን ሊሰርዘው ፈልጎ ነበር፤ ጥርጣሬ ይፈጥራል ብሎ። እኔ አላስነካሁትም። ያለ እሱ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ይሆናል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ መግቢያው ላይ አለ። ይቅርታ የበዛበት የሒሳብ ደብዳቤ አንባቢውን ሌላ ነገር ፍለጋ ይልከዋል።

ከደብዳቤው ጋር ሦስት ነገር አያያዝን፦ አሮጌውንና አዲሱን ድምር ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ ሁለቱ ክፍያዎች የተመነዘሩባቸው የባንክ ማስረጃዎች፣ የመስከረም 20 የባንክ መግለጫ። አዲሱ ሪፖርት ላይ «የተስተካከለ» የሚል ቃልና ቀን ጻፍንበት፤ አሮጌውን ከፋይሉ አላወጣነውም።

ከለጋሹ የመጣው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ የመስከረም 24ቱ ክፍያ በሚቀጥለው ሪፖርት በየትኛው ተመን ይገባል? በ110 አልን፤ የመጀመሪያው ክፍያ ቀድሞ አልቋልና። ተቀበሉት። ቅጹንም ቀየሩልን፤ አሁን ለእያንዳንዱ ክፍያ የየራሱ የምንዛሪ ሳጥን አለው።