«ስንት ሰዓት ይላል?» ፦ በእጅ የተሞላ ሰዓትና እምቢ ያለ ኮድ

ሐምሌ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳዬን እየበላሁ ሳለ ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እኔ ዘንድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር፣ እሷ ዘንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር። በሰው እጅ የላክሁላት አዲስ ስልክ ከደረሳት ገና አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ኮዱን አልቀበል አለኝ፤ ስድስቱንም ቁጥር በደንብ አይቼ ነው ያስገባሁት።»

የምታወራው ስለ ኦተንቲኬተር ኮድ ነው። ለአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች፤ የሥራ ኢሜይሏም ሆነ ሒሳብ የምትመዘግብበት ገጽ ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ ይህን ኮድ ይጠይቃል። እሑድ ዕለት በቪዲዮ እየተያየን ሁሉንም ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ አዛውረነው ነበር። ስለዚህ የኔም የሷም ጥርጣሬ ማዛወሩ ላይ ወደቀ። «ስናዛውር ያበላሸነው ነገር አለ፤ ላጥፋውና እንደገና ልጀምር?» አለችኝ። እንዳታጠፊው አልኳት። ከዚያ በኋላ ከጥያቄዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ስልኩ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ሁለት ከአሥር።»

«ልክ ነው» አልኳትና ወደ ሌላ ነገር አለፍኩ። አንድ ሙሉ ቀን የባከነው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ጠየቅሁ፣ በአማርኛ መለሰች፤ መልሱም በአማርኛ ልክ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው። ስልኩ ግን ማለት የነበረበት 8:10 ነው።

በማግስቱ የስልኳን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም እንድትልክልኝ ለመንኳት። ፎቶው ሲመጣ ነገሩ ቁልጭ አለ። ከላይ ጥጉ ላይ የስልኩ ሰዓት 2:14 ይላል። ከሥሩ፣ እኔ ከአፍታ በፊት የላክሁላት መልእክት ጎን ላይ 8:14 ተጽፏል። ቴሌግራም መልእክት የተላከበትን ጊዜ የሚወስደው ከራሱ ሰርቨር ነው፤ የተቀባዩን ስልክ አያምንም። ስለዚህ የኔ መልእክት ከስድስት ሰዓት በኋላ የተላከ መስሎ ታየ። ሩቅ ያለ ዘመድ ስልኩ ሰዓት ስቶ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም።

ለካስ የስክሪን መከላከያ ልታስለጥፍ ሞባይል ቤት ስትገባ ልጁ «ሰዓቱን ላስተካክልልሽ» ብሎ በኛ አቆጣጠር ሞልቶላታል። ለደንበኛ የሚደረግ ደግነት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው፤ እናቴም የስልኳን ሰዓት በእጅ ታስሞላለች። ጀንበር ስትወጣ አሥራ ሁለት ብሎ ለሚቆጥር ሰው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 9:00 የሚል ስልክ የተሳሳተ ስልክ ነው። አቆጣጠሩ ስህተት የለበትም፤ ከምድር ወገብ ባልራቀ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ቀንን ከንጋት መጀመር ያስኬዳል።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ የስልኩን ሰዓት በእጁ የሚነካ ሰው አላየሁም። ከኔትወርኩ ይመጣል፣ ያልቃል። በማርችና በኖቬምበር አንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ሲዘዋወር እንኳን ስልኩ በራሱ ይለውጣል፤ ኮዱም አንድም ቀን አይበላሽም። ታዲያ የአንድ ሰዓት ለውጥ ኮዱን ካልነካው የስድስቱ ለምን ነካው?

ኦተንቲኬተር ኮዱን ከየትም አይቀበልም። ኢንተርኔት ዘግተህ፣ ሲም አውጥተህ ብታየውም ይሠራል። ውስጡ ሁለት ነገር ብቻ አለ፤ መጀመሪያ ኪውአሩን ስናነሳ የገባ ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ እና የስልኩ ሰዓት። ሁለቱን አብሮ ያሰላና ስድስት አኃዝ ያወጣል። የኢሜይሉ ሰርቨርም የዚያው ቁልፍ ቅጂ ስላለው በራሱ ሰዓት ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ ከተገጣጠሙ በሩ ይከፈታል። ስሌቱ በ2011 RFC 6238 በሚል ስም የወጣ ደንብ ነው። ጊዜውን የሚቆጥረው እንዲህ ነው፦

```
T = floor(unix_time / 30)
```

ይኸውም በግሪንዊች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ለ30 ማካፈል ማለት ነው። ኮዱ በየ30 ሰከንዱ የሚለወጠውም ለዚህ ነው። ሰርቨሩ ጥቂት ይታገሣል፤ ደንቡ ለመዘግየት የሚመክረው አንድ ክፍልፋይ፣ ማለትም ሌላ 30 ሰከንድ ያህል ነው። ስድስት ሰዓት ግን 720 ክፍልፋይ ነው። እህቴ የምታስገባው ኮድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ከአሥር ላይ ቢሆን ኖሮ በትክክል የሚያስገባት፣ ማታ ላይ ግን የሞተ ኮድ ነበር።

ስልክ ውስጡ የሚይዘው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። ለኛ ሲያሳየን የአካባቢውን ልዩነት ይጨምርበታል፤ ለአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት። አሜሪካ ላይ በማርች የሚለወጠው ይህ የሚጨመረው ልዩነት ብቻ ነው፤ የውስጡ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። የሞባይል ቤቱ ልጅ ግን 8:10ን በእጁ 2:10 ሲያደርገው ስልኩ «አዲስ አበባ 2:10 ከሆነ ግሪንዊች 11:10 ነው ማለት ነው» ብሎ የውስጡን ሰዓት ራሱን ወደኋላ ጎተተው። እውነተኛው የግሪንዊች ሰዓት ግን 17:10 ነበር። ድረ ገጾች ይከፈታሉ፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ስልክ ይደወላል፤ የሚሰበረው ኮዱ ብቻ ስለሆነ ማንም ሰዓቱን አይጠረጥርም። ልጁ ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር ቢሞላው ኖሮ ድረ ገጾቹ ራሳቸው አንከፈትም ብለው ቶሎ ያጋልጡት ነበር።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። `Settings`፣ `System`፣ `Date & time` ገባችና `Set time automatically` የሚለውን አበራች። ያው ገጽ በአንዳንድ ስልክ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ አይፎን ላይ `General` ውስጥ ነው። ሰዓቱ ወዲያው 8:20 ሆነ፣ ቀጥሎ የመጣው ኮድ ገባ። ቁልፉ ከመጀመሪያውም በደህና ተዛውሯል። «ላጥፋው» ባለች ጊዜ አጥፍታው ቢሆን ኖሮ ግን አዲሱ ስልክ ላይ ያለው ቁልፍ አብሮ ይጠፋ ነበር።

«ታዲያ እኔ ሰዓቴን በምን ልይ?» አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንደኛው መንገድ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጭኖ የስልኩ መነሻ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የስልኩ ሰዓት ሳይነካ ከሥሩ የኛው ይታያል። ሁለተኛው የሰዓቱን አውቶማቲክነት ሳይነኩ አካባቢውን ብቻ መለወጥ ነው። `Set time zone automatically` የሚለውን አጥፍቶ ቦታውን ቦነስ አይረስ ማድረግ። ቦነስ አይረስ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ሦስት ወደፊት፤ ልዩነቱ ልክ ስድስት። ስልኩ 2:10 ይላል፣ የውስጡ ሰዓት ግን እውነተኛ ነው፣ ኮዱም ይሠራል። ሆኖም የሥራ ቀጠሮ በስልኳ ለምትይዝ ሰው አልመክረውም፤ እሷ ራሷ ቀጠሮ ስትጽፍ ሰው ዘንድ በአርጀንቲና ሰዓት ይደርሳልና ግራ ያጋባል። እህቴ የመጀመሪያውን መረጠች።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ኮዱ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ያን ለመለየት ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጎ ያንኑ አካውንት መክፈት ነው። ቁልፉ አንድ ከሆነና ሰዓቱ ከተስማማ ሁለቱም ላይ በአንድ ሰከንድ አንድ ዓይነት ስድስት አኃዝ ይታያል። ሰዓታቸው እኩል ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ ቁልፉ የተለያየ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው አንድ ሰው በመሃል አዲስ ኪውአር አንስቶ የቀድሞውን ሳያጠፋ ሲቀር ነው፤ በአንድ ስም ሁለት መስመር ይቀመጣል፣ አንደኛው የሞተ ነው።

ማዛወሩን በተመለከተ እዚያና እዚህ የሚያሰጋው ለየቅል ነው። አገር ቤት ሁለቱን ስልክ ይዞ ሞባይል ቤት መሄድና «ዳታውን አዛውርልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ጉግል ኦተንቲኬተር ውስጥ `Transfer accounts` ሲባል አሮጌው ስልክ የሚያሳየው ኪውአር የተመረጡትን አካውንቶች ቁልፍ የያዘ ነው። ያንን ያነሳ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ኮድ ያወጣል፣ ጊዜ አያልፍበትም። ስለዚህ ኪውአሩን ስክሪንሹት አድርጎ በቴሌግራም መላክ የቤት ቁልፍ ቅጂ መላክ ነው። እሑድ ዕለት እህቴ ሁለቱን ስልክ ፊት ለፊት ስትይዝ የቪዲዮው ካሜራ ወደ ግድግዳው እንዲዞር ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ እኔም ማየት የለብኝም። ከተዛወረም በኋላ አሮጌው ስልክ ላይ ያሉት ኮዶች መሥራታቸውን አያቆሙም። አሮጌ ስልክ ደግሞ አገር ቤት አይጣልም፣ ለታናሽ ይተላለፋል።

እዚህ ደግሞ አሮጌው ስልክ ቶሎ ከእጅ ይወጣል። አንድ ወዳጄ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን በዋጋ መቀነሻ አስረከበ፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ አጸዱት። ቤት ገብቶ ባክአፑን ሲመልስ የኦተንቲኬተሩ ምልክት ተመልሷል፣ ሲከፍተው ግን ባዶ ነው። ጉግል ኦተንቲኬተር ቁልፎቹን ከጉግል አካውንት ጋር ማመሳሰል የጀመረው በ2023 ነው፤ እሱ አላበራውም ነበር። ቀድሞ ያተማቸው የመጠባበቂያ ኮዶች ባይኖሩት ኖሮ ኢሜይሉን እንዴት እንደሚከፍት እንጃ። ጉግል አሥር ባለስምንት አኃዝ ኮድ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል፤ ወረቀቱን ፓስፖርቱ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

አሮጌው ስልክ እዚህ፣ አዲሱ እዚያ ከሆነ ኪውአሩን በቪዲዮ ከማሳየት ይልቅ፣ አስቀድሞ በተከፈተ ኮምፒውተር የአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ገብቶ ለአዲሱ ስልክ አዲስ ቁልፍ ማውጣት ይሻላል። ብዙ ገጾች ላይ የድሮው ቁልፍ ያኔውኑ ይሞታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ገጽ መዘጋት የሌለበት በአዲሱ ኮድ ሌላ ቦታ ገብተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ነው።

እህቴ አሮጌውን ስልክ ለልጇ ከመስጠቷ በፊት ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዛ የኢሜይሉን ኮድ አነበበችልኝ፤ አንድ ናቸው። ከዚያ በአዲሱ ገባች፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጸዳችው። ስልኩን ስትዘጋ ከላይ 8:52፣ ከሥሩ በኛ 2:52 ይል ነበር።