የዓይን ቅዝቃዜ በአማርኛ



ዘንድሮ ከሚመረቁት ወንድሞቻችን አንዱ ለእናቱ በዐረብኛ ሁለት ስንኝ ጻፈ። እናቱ ዐረብኛ አይሰሙም። ስለዚህ በጀመዓችን የምረቃ ዝግጅት ላይ እሱ በዐረብኛ ሲያነብ፣ ከእኛ አንዱ ወዲያው በአማርኛ እንዲያነብ ተስማማን። ሥራው የአንድ ምሽት መስሎን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስንኙ በበሕሩ ረመል የተጻፈ ሲሆን እንዲህ ይላል፦

ሰኺነት ዐይኑኪ ደህረን ፊ ኢንቲዛሪ
ፈደዒ አድ-ደምዐ ወቀርሪ አል-የውመ ዐይና

መጀመሪያ ያደረግነው እያንዳንዱን ቃል በቦታው መተካት ነበር፦ «እኔን በመጠበቅ ዓይንሽ ዘመን ሙሉ ሞቀ፤ እንባውን ተዪና ዛሬ ዓይንሽ ይቀዝቅዝ።» አንድም ቃል አልጣልንም፣ አንድም አልጨመርንም። ግን ከመስጂዱ በር አጠገብ ሻይ ለሚሸጡት እናታችን ስናነብላቸው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ሴትዮዋ ታመመች እንዴ?» አሉን።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ዐረቦች የደስታ እንባ ቀዝቃዛ፣ የሐዘን እንባ ትኩስ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ «ዓይኑ ቀዘቀዘ» ማለት ደስ አለው፣ «ዓይኑ ሞቀ» ማለት ደግሞ አዘነ ማለት ነው። በአማርኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰርግ ሲያምር «ሞቀ» እንላለን፤ እንግዳን ሞቅ አድርገን እንቀበላለን። የቀዘቀዘ ሰው ግን ፍቅር የሌለው ነው፤ የቀዘቀዘ ዓይን ደግሞ የበሽተኛ ወይም የሬሳ ነው። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ምርቃቱ ወደ እርግማን ተጠጋ።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅና የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አማካሪ ዩጂን ናይዳ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ችግር በሁለት ስም ለየው። የምንጩን ቃልና ቅርጽ ተከትሎ የሚሄደውን ፎርማል ኢኩዊቫለንስ፣ የመጀመሪያው ሰሚ የተሰማውን ለአዲሱ ሰሚ ለማድረስ የሚጥረውን ደግሞ ዳይናሚክ ኢኩዊቫለንስ አለው። ሐሳቡ ግን ለእኛ ወገን እንግዳ አይደለም። በ764 ሂጅራ የሞቱት አስ-ሰፈዲ፣ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ ይተረጉሙ የነበሩትን ሰዎች በሁለት መንገድ ከፍለዋቸዋል። ኢብኑ አል-ቢጥሪቅን የመሰሉት ቃል በቃል ይተካሉ፤ ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ ግን ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ፣ ትርጉሙን በልቡ ይዞ፣ በዐረብኛ ይጽፈዋል። አስ-ሰፈዲ የመጀመሪያውን መንገድ የነቀፉት ሁሉም ቃል በሌላው ቋንቋ አቻ ስለሌለውና የአነጋገር ዘይቤውም ስለሚለያይ ነው። የእኛም ስንኝ የወደቀው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ሑነይን መንገድ ዞርን። አማርኛ ለዚህ ስሜት የራሱ አነጋገር አለው፤ ቦታው ግን ዓይን ሳይሆን አንጀት ነው። ያዘነች እናት አንጀቷ ያርራል፤ ልጇን ስታይ አንጀቷ ይርሳል። የሙቀቱና የቅዝቃዜው ተቃርኖ እንኳ አልጠፋም፤ ማረርና መራስ ሆነ። «እኔን ስትጠብቂ አንጀትሽ አረረ፤ ዛሬ አይተሽኝ ይራስ» ብለን ስናነብ ባለ ሻይዋ እናታችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አሚን» አሉ። ሥራው ያለቀ መሰለን።

ያላለቀ መሆኑን የነገረን ገጣሚው ራሱ ነው። «ቀርሪ ዐይና» የሚለውን የመረጠው ዝም ብሎ አልነበረም። በሱረቱ መርየም 26ኛው አንቀጽ መርየም ልጇን ዒሳን ከወለደች በኋላ የተነገራት ይኸው አነጋገር ነው። ወንድማችን እናቱን በዚያ ቃል ሲጠራ፣ ብቻዋን ልጅ የተሸከመችን ሴት ማስታወሱ ነው፤ እሱንም ያሳደጉት እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ዓይኑን በአንጀት ስንተካ ስሜቱ ደረሰ፣ ጥቅሻው ግን ቀረ። ቁርኣን የቀራ አድማጭ ከአንጀት ተነስቶ መርየም ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ ዓይኑ መቆየት ነበረበት፤ መሄድ የነበረበት ቅዝቃዜው ብቻ ነው። መውጫውን ያገኘነው ከዐረብኛው መዝገበ ቃላት ነው። የቋንቋው ሊቃውንት «ቀርረ»ን ከሁለት ያመጡታል፦ አንዱ «ቁርር» ሲሆን ብርድ ማለት ነው፤ ሌላው «ቀራር» ሲሆን መርጋት፣ ማረፍ ማለት ነው። በሁለተኛው መሠረት ዓይን የተመኘውን አግኝቶ ሌላ ከመፈለግ ያርፋል። «ዓይኔ አረፈ» ደግሞ አማርኛ ነው። ከምንጩ ሳንወጣ በሰሚው ቋንቋ የሚኖር ቃል አገኘን።

«ዛሬስ ዓይንሽ ይረፍ» ብለን ይዘን ስንሄድ ግን እናታችን ፊታቸው ጠቆረ። «አረፈች» የሚባለው ለሞተ ሰው ነዋ! እኛ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ስንታገል የሰፈራችንን ለቅሶ ረስተን ነበር። ያዳነን አንድ ቃል ነው፤ «አይቶኝ» የሚለውን ስንጨምር፣ የሚያርፈው የሚያይ፣ ሕያው ዓይን ሆነ። በመጨረሻ በየወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እየለካን እንዲህ አስቀመጥነው፦

እኔን ሲጠባበቅ ዓይንሽ ያጣ እንቅልፍ፣
ይብቃው ትኩስ እንባ፣ ዛሬስ አይቶኝ ይረፍ።

ዋጋ አልከፈልንም አንልም። «እንቅልፍ» በዐረብኛው የለም፤ ቤት እንዲመታ እኛ ያመጣነው ነው። «ዘመን ሙሉ» የሚለው ወድቋል። የረመል ዜማም የለም። ሙቀቱ በ«ትኩስ እንባ» ውስጥ ሲቀር፣ ቅዝቃዜው ግን ወደ ዕረፍት ተለውጧል፤ ስለዚህ ተቃርኖው ከዐረብኛው ይልቅ ደብዝዟል። ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዛሬ የአንጀቱ ይሻል ነበር ይላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም አንችልም።

ከዚህ የያዝነው አንድ ልማድ አለ። ለሰሚው «ጥሩ ነው?» ብለን አንጠይቅም፤ ሰው እንዳይከፋን ብሎ «ጥሩ ነው» ይላል። «ምን ሆነች? ምን ተባለች?» ብለን እንጠይቃለን። ስሕተቱን ሁለት ጊዜ ያወጣው ይህ ጥያቄ ነው።

ይህ ነፃነት ግን ለወንድማችን ስንኝ ነው። እሱ አጠገባችን ቁጭ ብሎ «ይህን ጣሉ፣ ይህን አትንኩ» ይለናል። የአላህን ቃል ትርጉም በምናስረዳበት ጊዜ እንቅልፍ የሚጨምር የለም፤ እዚያ ቃሉን ጠብቆ በማብራሪያ መርዳት ይሻላል። ለዚህም ነው በዝግጅቱ ወረቀት ላይ ዐረብኛውን ከላይ፣ ቃል በቃሉን ከሥሩ፣ የሚነበበውን በመጨረሻ ያተምነው። ወረቀት የያዘ ሰው ተመልሶ ያነባል፤ የሚያዳምጥ ሰው ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በምረቃው ቀን እናቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ዐረብኛው ሲነበብ ልጃቸውን ብቻ ያዩ ነበር። አማርኛው ሲነበብ «ዛሬስ» ከሚለው ላይ ሲደርስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባው ቀዝቃዛ ይሁን ትኩስ አልጠየቅንም።