ሰኔ 30 እና የአባቴ አርባ

አባቴ ያረፈው ግንቦት 16 ቀን 1994 ነው። አርባው ሰኔ 25 እንደሚውል ለማወቅ ጣት መቁጠር ይበቃል። እኔ ግን ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳለ ለአለቃዬ የነገርኩት ሰኔ 18 ነበር።

ያን ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ቢሮው በር ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ትገባለህ፣ እጅህን አጣምረህ አንገትህን ትደፋለህ። «ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ…» አልኩና ቀጥ አልኩ። መነጽሩን አወለቀ።

«በሰኔ? ሰኔ 30ን ማን ይዘጋል?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡትን የንብረት ክፍል ኃላፊ አማላጅ ላክሁና ሦስት ቀን ተፈቀደልኝ። ደብረ ማርቆስ ደርሼ፣ ተዝካሩን አውጥቼ፣ አባይን ተሻግሬ ስመለስ ሰኔ 28 ሆኗል። የባንክ ማስታረቂያው ከሚያዝያ ጀምሮ አልተነካም። ይሠራ የነበረው እኔ ነኝ፤ የት እንዳደረስኩት ለማንም አልነገርኩም። ሦስት ሌሊት አምሽተን ዘጋን። አለቃዬን ግን ለዓመታት «በአባቴ አርባ እንኳ ያስለመነኝ» እያልኩ አማሁት።

ዛሬ መነጽሩን የማወልቀው እኔ ነኝ። በ2016 ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሥሬ የምትሠራ ልጅ በኢሜይል ፈቃድ ጠየቀችኝ። እናቷ ሰኔ 19 የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ገና ሳልጨርሰው አፌ ላይ የመጣው ያው «በሰኔ?» ነበር። ደግነቱ ጽሑፉ ይቀጥል ነበር።

ሁለት አማራጭ አቅርባለች። አንደኛው ከረቡዕ ሰኔ 19 ጀምሮ አምስት የሥራ ቀን በተከታታይ ወስዳ ሰኔ 26 መመለስ ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን ቀንና ዓይናቸው የሚፈታበትን ማግስቱን ብቻ ወስዳ ቀሪውን ሦስት ቀን ከሐምሌ 15 በኋላ ማድረግ ነው። የግንቦትን ማስታረቂያ እስከ ሰኔ 10 ትጨርሳለች፤ ለደንበኞች የሚላኩትን የቀሪ ሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤዎች አስፈርማ ትልካለች፤ የእጅ ካዝናውን አስቆጥራ በፊርማ ታስረክባለች። ተጽፈው ገና ከባንክ ያልወጡትን ቼኮች ዝርዝርም አያይዛለች። ከታች ደግሞ «ሰኔ 30 እሑድ ነው፤ ለካዝናና ለዕቃ ቆጠራው እገባለሁ» የሚል አለ።

«በስልክ እገኛለሁ» ብቻ ብላ ቢሆን አላምናትም ነበር። ካዝና በስልክ አይቆጠርም፤ ቼክም በስልክ አይፈረምም። እሷ ግን የትኛው ሥራ እጇን እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ለይታዋለች። እኔም ሳነበው፣ ስንት ዓመት የፈራሁት ሰኔ ያን ያህል ሰፊ አለመሆኑን አየሁ። የሰኔ የባንክ መግለጫ ወሩ ሳያልቅ አይመጣም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ማስታረቂያ ሰው ቢሮ ቁጭ ቢል እንኳ ከሐምሌ በፊት አያልቅም። ሰው የግድ የሚያስፈልገው ከሰኔ 26 ገደማ ጀምሮ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም በቂ ቦታ ይሰጣል። አሠሪ ለሥራው ሲል የዓመት ፈቃድ ማስተላለፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይችልም። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጣል። በ1994 ይህን «ይከፈልልኝ» የሚል ቃል እኔም አላልኩት፣ አለቃዬም አላነሳው።

ሁለተኛውን አማራጭ ፈቀድኩ። ከድሮው አለቃዬ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደወልኩላት። የአንድ ቼክ ቁጥር ጠፍቶኝ ነው። በሹክሹክታ አነሳች፤ ከኋላዋ ነርሷ የታካሚ ስም ትጣራለች። «ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው መስመር ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ነበር። ያን ቀን ሁለቴ ደግሜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሱ ያስረከበችኝ ወረቀት ላይ ነበር። በአባቴ አርባ ላይ ለእኔ ማንም አልደወለልኝም፤ ሞባይል አልነበረኝማ። የድሮው አለቃዬ አስለምኖ ፈቀደ፣ ከፈቀደ በኋላ ግን ተወኝ። እኔ ያለ ልመና ፈቅጄ በስልክ ተከታተልኳት።

ሐምሌ ላይ፣ እንደየዓመቱ፣ ሠራተኛው ያልወሰደውን ፈቃድ በብር ተምነን ዕዳ ላይ እንመዘግባለን። ሠንጠረዡን ያዘጋጀችው እሷ ናት። በእሷ ስም ትይዩ አራት ቀን፣ በእኔ ስም ትይዩ አርባ አንድ ይላል።