ስንት እጅ አሳደገው?

በበዓል ሰሞን ዳቦና ብርቱካን፣ ሳሙናና ዳይፐር ይዞ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። ገና በሩ ሲከፈት ትንንሾቹ ልጆች ሮጠው እግሩን ያቅፉታል። ስሙን እንኳ የማያውቁትን እንግዳ «እማዬ»፣ «አባዬ» ይሉታል። እኛም «ወይኔ ሲያሳዝኑ! ግን እንዴት ተግባቢ ናቸው!» እያልን እንወጣለን።

እስቲ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በእናንተ ቤት ያለው የሁለት ዓመት ሕፃን የማያውቀው ሰው ሲመጣ ምን ያደርጋል? ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቃል፤ እንግዳው ሊያነሳው ሲል ያለቅሳል። እናቶቻችን ይህን «ሰው መለየት ጀመረ» ይሉታል። ሰባትና ስምንት ወር ገደማ ይጀምራል፤ ጥሩ ምልክትም ነው። ልጁ «የኔ» የሚለው ሰው ስላለው ነው ሌላውን ባዳ የሚያደርገው። ሁሉን የሚያቅፍ ልጅ ግን «የኔ» የሚለው ሰው ላይኖረው ይችላል።

ይህን «የኔ» ማለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቁርኝት ይሉታል። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ሕፃን ከምግብና ከመጠለያ ሌላ የማይለዋወጥ ተንከባካቢ እንደሚያስፈልገው አስረድቶ ነበር። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ አገር ልጅ የሰፈር ነው፣ አያትም ጎረቤትም ያሳድገዋል» ይላል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ከዩጋንዳ ነው። ሜሪ አይንስወርዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች አጥንታለች። በነዚያ ቤቶች ሕፃኑን የሚይዘው እጅ ብዙ ነው። ቢሆንም ሕፃናቱ ከብዙዎቹ መሃል የራሳቸውን ሰው ይመርጡ ነበር፤ ከእሷ ጉያ ተነስተው አካባቢውን ይቃኛሉ፣ ሲፈሩ ወደ እሷ ይመለሳሉ። የአያትና የጎረቤት እጅ ቢበዛም ነገም እዚያው ነው። የማሳደጊያው ችግር እጁ መሄዱ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ቡራዩ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ስር ቢጠቃለሉም ሰው እስካሁን በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ለክፍል ሥራ የሄድኩበትን ማሳደጊያ ስሙን አልጠቅስም። አንዲት ነባር ሞግዚት ስለ አንድ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ስታጫውተኝ «ከመጣ ጀምሮ ስንት ሰው አሳደገው?» አልኳት። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የጠዋት ፈረቃ ሁለት፣ የከሰዓት ሁለት፣ የሌሊት አንድ፣ የእረፍት ቀን ተተኪ አንድ። ይህ ስድስት ነው። ከዚያ አራቱ ለቀቁ፤ ሁለቱ አረብ አገር ሄዱ፣ አንዷ አገባች፣ አንዷ የተሻለ ደመወዝ አገኘች። አራት ተተኩ። ልጁ መራመድ ሲጀምር ደግሞ ከጨቅላዎች ክፍል ወደ ትልልቆቹ ክፍል ተዛወረ፤ እዚያ አምስት አዳዲስ ሰዎች ጠበቁት። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ አምስት ሰው! ሴትየዋ ጣቷ አልቆ ዝም አለች። «ለካ እንዲህ ነው?» አለች ቆይታ።

በዚያው ከሰዓት ልጁ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። አላለቀሰም፤ ወደ ማንም ዞር አላለም። ተነስቶ አቧራውን እያየ ቆመ። በኋላ ያነጋገርኩት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ «እንግዳ ሲያቅፉ ብቻ አትዪ፤ ሲወድቁና ሲታመሙ ወደ ማን እንደሚሄዱ እዪ» አለኝ። ችግሩ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ልጅ ወደ ሁሉም ይሄዳል። ሌላው ቢያመውም ቢፈራም ወደ ማንም አይሄድም፤ ሲያባብሉትም አይረጋጋም። ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ የሚታዩበት ጊዜ አለ። ልጁ ዝም ስላለ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ተብሎ መታለፉ ነው ክፋቱ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ቤተሰብ ሲያገኝ ወዲያው ይስተካከላል? የሰበታዋ አክስቴ እንደዚያ መስሏት ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ በሕጋዊ ጉዲፈቻ ወሰደች። ልጅቷ እንጀራ ትራስ ስር ትደብቃለች፣ ባለሱቁን ታቅፋለች፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ልሂድ ትላለች። አክስቴ ልታቅፋት ስትል ግን እንደ እንጨት ትደርቃለች። በሦስተኛው ወር አክስቴ ደውላ «አትወደኝም እኮ ልጄ፤ ልመልሳት ይሆን?» አለችኝ። ብትመልሳት አሥራ ስድስተኛዋን ይሁን ሃያኛዋን ሰው ማን ያውቃል!

ባለሙያው ለአክስቴ የሰጣት ምክር ቀላል ነበር፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። «ለጥቂት ወራት የሚያጎርሷት፣ የሚያጥቧት፣ የሚያስተኟት እርስዎ ብቻ ይሁኑ። ዘመድ ይጠይቃት፤ አይቀፋት፣ ከረሜላም በእርስዎ እጅ ይስጣት። ሲወጡ ተደብቀው አይውጡ፤ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ይንገሯት፣ ባሉት ሰዓት ይመለሱ። እንጀራውን አይቀሟት፤ እጇ የሚደርስበት ቦታ ዳቦ ያስቀምጡላት። በቁጣ እንኳ ‹እመልስሻለሁ› አይበሏት።» አክስቴ ይህን ሰባት ወር አደረገች። አንድ ቅዳሜ ገበያ ልትሄድ ስትል ልጅቷ ነጠላዋን ይዛ አለቀሰች። አክስቴ «አለቀሰችልኝ!» ብላ በደስታ ደወለች። ልጅ በማልቀሱ ስልክ ሲደወል የመጀመሪያዬ ነው። እንጀራ መደበቁ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ አለ፤ ሲደክማት ወይ እንግዳ ሲበዛ ይመለስባታል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ክፍያና የቅርብ ድጋፍ ወደሚያገኙ አደራ ቤተሰቦች ሄዱ። ቤተሰብ የገቡት በማሳደጊያው ከቀሩት ይልቅ የጸና ቁርኝት አዳበሩ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ናቸው። ከዚያ በኋላም ቤተሰብ ይጠቅማል፤ ትዕግሥቱ ግን ይረዝማል።

እኛ አገር በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻ ቀርቷል። ከዚያ በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ይላል፤ ከዘመድ ጋር ማገናኘት፣ አደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይቀድማሉ። እነዚህ ከተሞች ያሉበት የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ራሱን ለአማርኛ የሰጠ ነው። በባህሉ ልጁ በሽማግሌ ፊት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ ልጅ ነው፣ ይመለስ የሚባል ነገር የለም። ቁርኝት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቤተሰብ እስኪገኝ ግን ልጁ ዛሬም ማሳደጊያ ውስጥ ነው። እዚያ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ዋና ሞግዚት መመደብ፣ እሷ በሌለችበት የምትተካውም ሁልጊዜ ያችው አንዷ እንድትሆን ማድረግ፣ በዕድሜ ምክንያት ክፍል ሲቀየር ሞግዚቷ አብራ እንድትሻገር መፍቀድ። የሚከብደው ሞግዚቷን ማቆየት ነው። አረብ አገር የሄዱት ሁለቱ ልጅ ጠልተው አልነበረም፤ ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር። ያየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ አልጋውን፣ ቴሌቪዥኑንና ምንጣፉን የለገሱ ሰዎች ስም ተለጥፏል። የሞግዚት ደመወዝ የለገሰ ሰው ስም ግን አላየሁም።